የጉበት ቫይረስ ውጤት ወረቀት እንዴት ይነበባል?

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶች ከሚያልፉባቸው የጤና ምርመራዎች አንዱ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ነው። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ጉዞው በዚያው ይቀራል። ለቪዛ የሚመረምረው ክፍል ማወቅ የሚፈልገው ያለ ወይም የሌለ መሆኑን ብቻ ስለሆነ፣ ወጣቷ "ጉበትሽ ላይ ቫይረስ አለ" ተብላ አንዲት መስመር የሰፈረባትን ወረቀት ይዛ ትወጣለች። ቤት እስክትደርስ ድረስ ግን ጥያቄው ይከማቻል። መቼ ያዘኝ? ከማን? በራሱ ይለቀኛል ወይስ ዕድሜ ልኬን አብሮኝ ይኖራል? ልጄንስ አስይዤው ይሆን?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከዚያው ክንድ ከሚቀዳ አንድ ብልቃጥ ደም ይገኛል። የሚያስፈልገው ሌሎች ሁለት ሦስት መስመሮች መጨመርና መስመሮቹን አንድ ላይ ማንበብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሄፓታይተስ ቢን የመረጥኩት በእኛ አገር ብዙ ቤት የገባ በሽታ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሐኪሞች አይጂኤም እና አይጂጂ የሚሏቸው ሁለት ዓይነት አንቲቦዲዎች ምን እንደሚናገሩና መቼ ዝም እንደሚሉ እንደዚህ ቫይረስ በግልጽ የሚያሳይ የለም።

ቫይረሱ ሲሠራ ሁለት ነገር አለው፤ የውጭ ሽፋንና በውስጡ የታሸገ አስኳል። ጉበት ውስጥ ሲራባ የውጭ ሽፋኑን ከሚፈለገው በላይ አትርፎ ያመርትና ትርፉን ባዶውን ወደ ደም ይለቀዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ ያገኘው እንግዳ ፕሮቲን ይኸው ሽፋን ነበር። መጀመሪያ "የአውስትራሊያ አንቲጅን" ተባለ፤ የጉበት ቫይረስ አካል መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። ብሉምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ኤች ቢ ኤስ ኤጂ እየተባለ የሚመረመረው ያው የሽፋኑ አንቲጅን ነው። ለቪዛም፣ ለነፍሰ ጡርም፣ ለደም ለጋሽም መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

አንቲጅን የቫይረሱ ንብረት ነው፤ ደም ውስጥ ተገኘ ማለት ቫይረሱ አሁን ሰውነት ውስጥ አለ ማለት ነው። አንቲቦዲ ደግሞ የእኛ ነው፤ ሰውነት ለእንግዳው የሰጠው መልስ። አንቲቦዲ መገኘቱ ሰውነት ከዚያ እንግዳ ጋር መተዋወቁን ይናገራል። እንግዳው አሁንም አለ ወይስ ሄዷል የሚለውን ግን ለብቻው አይናገርም። በየክሊኒኩ ሰው ሳያስፈልገው መድኃኒት ከሚወስድባቸው ምክንያቶች አንዱ የእነዚህ ሁለቱ መምታታት ይመስለኛል። የጨጓራ ባክቴሪያ የሆነውን ኤች ፓይሎሪን በደም አንቲቦዲ የተመረመረ ሰው መድኃኒቱን በትክክል ጨርሶ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ፖዘቲቭ መሆኑ አይቀርም። ያንን አይቶ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር መድኃኒት የሚያዝ አለ። መዳኑን ማረጋገጥ የፈለገ ሰው በሰገራ አንቲጅኑን ወይም በትንፋሽ መመርመር ነበረበት።

አንቲቦዲውም አንድ ዓይነት አይደለም። በመንደር እሪታ ሲሰማ መጀመሪያ የሚደርሰው በአቅራቢያው የነበረ ሁሉ፣ ያገኘውን ዱላ ይዞ ነው፤ አነጣጥሮ የሚተኩሰው ኋላ ይመጣል። አይጂኤም የመጀመሪያው ነው። አምስት ክንፍ ያለው ትልቅ ሞለኪውል ሲሆን በአሥር እጁ ይይዛል። እያንዳንዱ እጅ ጠበቅ አድርጎ ባይዝም ብዛቱ ያካክሰዋል። ሳምንት በሚሆን ጊዜ ውስጥ መታየት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ አንቲቦዲ አምራቾቹ ሕዋሳት በንፍፊት ውስጥ ይሠለጥናሉ፤ እንግዳውን በደንብ የሚይዙት ተመርጠው ይቀራሉ፣ ምርታቸውንም ከአይጂኤም ወደ አይጂጂ ይቀይራሉ። አይጂጂ ትንሽ ነው፣ ሁለት እጅ ብቻ አለው፣ የያዘውን ግን አይለቅም። አይጂኤም ደም ውስጥ በአምስት ቀን ገደማ ግማሹ ሲጠፋ አይጂጂ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ዋናው ግን ይህ አይደለም። አይጂጂን የሚያመርቱት ሕዋሳት መቅኔ ውስጥ ገብተው ለዓመታት፣ ለአንዳንዱ በሽታም ዕድሜ ልክ ያመርቱታል።

"አይጂኤም ካለ በሽታው አዲስ፣ አይጂጂ ብቻ ካለ የድሮ ነው" የሚለው ደንብ የመጣው ከዚህ ነው። ደንቡ በጥቅሉ ልክ ነው። የሚያሳስተው ጊዜው ሳይታወቅና ጎረቤቶቹ መስመሮች ሳይታዩ ለብቻው ሲነበብ ነው።

ጊዜው የታወቀበትን አንድ ሰው ይዘን እንሂድ። የ35 ዓመት የጽዳት ሠራተኛ ነው እንበል፤ የሚሠራው ክሊኒክ ውስጥ ነው። መስከረም 10 ቀን ቆሻሻ ሲያነሣ ከሴፍቲ ቦክስ ውጭ የተጣለ መርፌ ጣቱን ወጋው። ለማንም አልተናገረም፤ ደሙን ጠርጎ ሥራውን ቀጠለ። የጉበት ቫይረስ ክትባት አልወሰደም። ያልተከተበ ሰው ቫይረሱ ባለበት መርፌ ሲወጋ የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል፤ በኤች አይ ቪ ከ1,000 ወደ 3 ነው። በዚያው ዕለት ተናግሮ ክትባቱን ቢጀምር፣ ቢገኝም ከተዘጋጀው አንቲቦዲ መርፌ ጋር፣ ታሪኩ ምናልባት እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

በማግሥቱ ቢመረመር ሁሉም መስመር ኔጌቲቭ ይሆን ነበር። ይህ ውጤት የሚናገረው መርፌው ከመውጋቱ በፊት ቫይረሱ እንዳልነበረበት ነው፤ መርፌው ይዞት የመጣው ነገር ስለመኖሩ አንዳች አይናገርም። ቫይረሱ ጉበት ደርሶ፣ ተራብቶ፣ ሽፋኑ በምርመራ ሊታይ እስኪችል በአማካይ አራት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ከአንድ እስከ አሥር ሳምንት ሊሆን ይችላል። ሰው ተይዞ ምርመራው ግን የማያየው ይህ ጊዜ ዊንዶው ፔሬድ ወይም የመስኮት ጊዜ ይባላል።

ጥቅምት 22 ላይ፣ ልክ በስድስተኛው ሳምንት፣ ለሌላ ጉዳይ ደም ሰጠና ተመረመረ እንበል። የሽፋኑ አንቲጅን ፖዘቲቭ ሆነ። ሰውየው ግን ምንም አይሰማውም፤ የጉበት ኢንዛይሙም ደህና ነው። አሁን አይጂኤም ቢታዘዝለትስ? ኔጌቲቭ ይሆናል! እዚህ ላይ ደንቡን በቃል የያዘ ሰው ይሳሳታል። "አንቲጅን አለ፣ አይጂኤም የለም፤ እንግዲያው የቆየ ነው" ብሎ ዕድሜ ልክ የሚኖር በሽታ ይለጥፍበታል። ያልታየው መስመር ጠቅላላው የአስኳል አንቲቦዲ ነው።

ይህ መስመር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። የቫይረሱ አስኳል በሽፋን ስለተጠቀለለ ራሱ ደም ውስጥ ተገልጦ አይገኝም፤ ስለዚህ የሚመረመረው በእሱ ላይ የተሠራው አንቲቦዲ ነው። ላብራቶሪዎች በሁለት መንገድ ይለኩታል። አንዱ አይጂኤሙን ብቻ ይለያል። ሌላው አይጂኤምና አይጂጂን ሳይለይ በጠቅላላ ያሳያል። አይጂጂን ለብቻው የሚለካ ምርመራ በተለምዶ የለም። አይጂጂ መኖሩ የሚታወቀው በመቀነስ ነው፤ ጠቅላላው ፖዘቲቭ፣ አይጂኤሙ ኔጌቲቭ ከሆነ የቀረው አይጂጂ ነው። የጽዳት ሠራተኛው በጥቅምት ሁለቱም ኔጌቲቭ ናቸው። ከቆየ ሰው ጠቅላላው አይጠፋም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የእሱ ወረቀት የሚለው ሰውነት ገና መልስ አልጀመረም፣ ነገሩ ገና ትኩስ ነው።

ኅዳር ሲያልቅ፣ ከመርፌው ወደ 11 ሳምንት በኋላ፣ ድካም ያዘው፤ ምግብ አስጠላው፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ፣ ከዚያም ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ቤተሰቡ የወፍ በሽታ ነው ብሎ ሐኪም ዘንድ ወሰደው። ኤስጂፒቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም መደበኛው ከ40 የማይርቅ ሲሆን የእሱ ከ1,000 አልፏል። ጉበቱን የሚያቆስለው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን ቫይረሱ ያለባቸውን ሕዋሳት ለማጥፋት የተነሣው የሰውነቱ መከላከያ ነው፤ ስለዚህ ሕመሙና አንቲቦዲው አንድ ላይ መጡ። የአስኳሉ አይጂኤም አሁን በጉልህ ፖዘቲቭ ነው፤ ጠቅላላውም ፖዘቲቭ። አንቲጅኑ አለ። አዲስ ሕመም ማለት ይህ ነው፤ አሁን ማንም ሊከራከርበት አይችልም።

አዋቂ ሆኖ ከሚያዝ ሰው ከ100 ከ95 በላዩ ቫይረሱን በራሱ ያስወግዳል። የእኛም ሰው በጥር ቀለል አለው። የካቲት 25 ላይ ሲመረመር የሽፋኑ አንቲጅን ጠፍቷል። ሁሉም ደስ አለው። ሐኪሙ ግን የማገገሙን ማስረጃ፣ ማለትም በሽፋኑ ላይ የሚሠራውን አንቲቦዲ፣ ሲፈልግ እሱም ኔጌቲቭ ሆነ። አንቲጅን የለም፤ አንቲቦዲውም የለም።

ይህ ሁለተኛው መስኮት ነው። የሄፓታይተስ ቢ ሐኪሞች የመስኮት ጊዜ ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያስቡትም ይህንን ነው። የሽፋኑ አንቲቦዲ በእርግጥ እየተመረተ ነበር። ነገር ግን ደም ውስጥ የተረፈው አንቲጅን እየያዘው ስለሚጨርሰው ነጻ ሆኖ በምርመራ የሚታይ አይተርፍም። አንቲጅኑ እየቀነሰ፣ አንቲቦዲው እየበዛ ሲሄድ ሁለቱ የሚተካከሉበት ጊዜ ይመጣል፤ ያኔ ሁለቱም ለምርመራው አይታዩም። ይህ ሳምንታት፣ አልፎ አልፎም ወራት ይቆያል። እነዚህን ሁለት መስመሮች ብቻ የሚያይ ላብራቶሪ ሰውየውን "ቫይረሱ ነክቶህም አያውቅም" ብሎ ይሸኘዋል። የሚያጋልጠው የአስኳሉ አንቲቦዲ ነው፤ ጠቅላላው ፖዘቲቭ፣ አይጂኤሙም ቢዳከም ገና አልጠፋም። በዚህ መስኮት ውስጥ ያለን ሰው የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ይህ አንድ መስመር ብቻ ነው።

ሐምሌ ላይ የመጨረሻው ወረቀት መጣ። አንቲጅን ኔጌቲቭ፤ የሽፋኑ አንቲቦዲ ፖዘቲቭ፣ መጠኑም ለመከላከያ በቂ ከሚባለው 10 ዩኒት በላይ፤ ጠቅላላው የአስኳል አንቲቦዲ ፖዘቲቭ፤ አይጂኤም ኔጌቲቭ። ታሞ ድኗል። ጠቅላላው መስመር ከዚህ በኋላ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ማንም ለሌላ ምርመራ ሲልከው "ቫይረስ አለብህ" ቢለው አንቲጅኑ የታለ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

አሁን ወደ ተጓዧ ወጣት እንመለስ። 24 ዓመቷ ነው እንበል። የሽፋኑ አንቲጅን ፖዘቲቭ ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ የጎደሉትን መስመሮች አዘዘላት፤ ጠቅላላው የአስኳል አንቲቦዲ ፖዘቲቭ፣ አይጂኤም ኔጌቲቭ፣ የሽፋኑ አንቲቦዲ ኔጌቲቭ ሆነ። ኤስጂፒቲ 28።

"እህቴ፣ ይህ ዘንድሮ የመጣ አይደለም" አላት።

"ዶክተር፣ ባለፈው ዓመት ጥርሴን ተነቅያለሁ፤ እዚያ ይሆን የያዘኝ?"

"በዚያ ብትያዢ ኖሮ ምናልባት እንደ ትልቅ ሰው ታመሽ ትድኚ ነበር። እናትሽና እኅት ወንድሞችሽ ይመርመሩ፤ ልጅሽንም አምጪው።"

ሐኪሙ ይህን ያለው ከዕድሜ ሂሳብ ነው። በወሊድ ጊዜ ከእናቱ የተያዘ ሕፃን ከ100 እስከ 90 በሚደርስ ዕድል ቫይረሱን ተሸክሞ ይቀራል። በአንድና በአምስት ዓመት መካከል የሚያዙት ከአራት አንድ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ይቀርባቸዋል። አዋቂ ከ20 አንዱ እንኳን አይቀርበትም። የሕፃን ሰውነት ቫይረሱን እንደ ጠላት ስለማይዋጋው ሕመም የለም፣ ዓይን ቢጫ አይሆንም፣ ማንም ሳያውቅ ይኖራል። የጉበት ቫይረስ ክትባት በኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት ውስጥ በአምስት በሽታ ጥምር ክትባት ሆኖ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱት በአብዛኛው ሳይከተቡ ያደጉ ናቸው። ሐኪሙ ከስድስት ወር በኋላ አንቲጅኑን ሊደግምላት ቀጠሮ ሰጥቷታል። ሥር ሰደደ የሚባለው ከስድስት ወር በላይ ሲቆይ ስለሆነ በደንቡ ሁለተኛ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የአይጂኤሙ ዝምታ ግን መልሱን አስቀድሞ ነግሮታል። በዚህ መሃል ቫይራል ሎድና የጉበት አልትራሳውንድ ይሠራላታል። መድኃኒት መጀመር አለመጀመሯ ከእነዚህ ይታወቃል፤ ፖዘቲቭ ስለሆነች ብቻ መድኃኒት አይታዘዝላትም።

እስካሁን አይጂኤም እውነተኛ ምስክር ሆኖ ነው የቆየው። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን ብናይ ድክመቱ ይገባናል። ደሙ በሴንትሪፊዩጅ ዞሮ ቢጫማው ሴረም ተለይቶ ይቀዳል። ኤላይዛ በሚባለው ዘዴ 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ሳህን አለ፤ የእያንዳንዱ ጉድጓድ ወለል የሰውን አይጂኤም በሚይዝ ነገር ተቀብቷል። የቀጠነ ሴረም ሲጨመር በውስጡ ያለ አይጂኤም ሁሉ፣ የየትኛውም በሽታ ይሁን፣ ወለሉ ላይ ይጣበቃል። ይታጠባል። ከዚያ የቫይረሱ አስኳል ቀለም ከሚያመጣ ኢንዛይም ጋር ይጨመራል፤ የጉበት ቫይረስ አይጂኤም ካለ አስኳሉን ይዞ ያስቀረዋል። እንደገና ይታጠባል። ቀለም ሰጪው ሲፈስ ጉድጓዱ ሰማያዊ ይሆናል፣ አሲድ ሲጨመርበት ወደ ቢጫ ይቀየራል፤ ማሽኑም የቢጫውን ድምቀት ይለካል። የሚወጣው ቁጥር ለመቁረጫው ነጥብ ይካፈላል፤ ከ1 በላይ ፖዘቲቭ፣ በታች ኔጌቲቭ፣ 1 አካባቢ ያለው ደግሞ የሚደገም ነው።

እንግዲህ ፖዘቲቭ የሚባለው አንድ ሰው በወሰነው መቁረጫ ነጥብ ነው። ሥር የሰደደ ቫይረስ ባለበት ሰው ሰውነት ውስጥም ጥቂት አይጂኤም አይጠፋም። የአስኳሉ አይጂኤም ምርመራ ሆን ተብሎ ደንዝዞ የተሠራው፣ ሴረሙም በጣም እንዲቀጥን የሚደረገው ይህን ጥቂት እንዳያነሣ ነው። ነገር ግን ለዓመታት ተኝቶ የነበረ ቫይረስ አንዳንዴ ይቀሰቀሳል፤ ጉበቱ ይቆጣል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ኤስጂፒቲ ይወጣል፣ አይጂኤሙም ከመቁረጫው አለፍ ይላል። ያን ጊዜ የቆየው አዲስ መስሎ ይቀርባል። የሚለየው በመጠኑ ነው፤ አዲስ ሕመም ላይ ውጤቱ ከመቁረጫው ብዙ እጥፍ ይርቃል፣ በተቀሰቀሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ጫፉ ላይ ይንጠለጠላል። "ፖዘቲቭ" ብሎ ብቻ የሚጽፍ ላብራቶሪ ይህንን ልዩነት ይደብቃል። ቁጥሩን ጻፉልኝ ማለት መብት ነው፤ ሐኪሞችም ቢጠይቁ ጥሩ ነበር።

ሌላው ችግር ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ነው። ይህ በአንዳንድ የመገጣጠሚያ ሕመምተኞችና በሌሎችም ሰዎች ደም ውስጥ የሚገኝ፣ የራስን አይጂጂ የሚይዝ አይጂኤም ነው። በተወሰኑ የምርመራ ዓይነቶች ላይ አሮጌው አይጂጂ ጀርባ ላይ ተጣብቆ የሌለ አይጂኤም ያስመስላል። ሳህኑ በደንብ ያልታጠበ እንደሆነም የተረፈው ኢንዛይም ጉድጓዱን ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ሕመም የሌለበት፣ ኤስጂፒቲው ደህና የሆነ፣ አንቲጅኑም ኔጌቲቭ የሆነ ሰው ብቻውን አይጂኤም ፖዘቲቭ ቢወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ምርመራው ነው። በሌሎች በሽታዎች ደግሞ እውነተኛው አይጂኤም ራሱ ለመሄድ ይዘገያል። የቶክሶፕላዝማ አይጂኤም ከተያዙ በኋላ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ሲገኝ "ፅንሱን ነክቶታል" ብሎ ከመደናገጥ በፊት አይጂጂው ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካ ምርመራ ይሠራል። አጥብቆ የሚይዝ አይጂጂ ለመሠልጠን ወራት ስለሚፈጅበት መያዙ ከእርግዝናው በፊት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አይጂኤም ለአንድ ነገር ግን ከሁሉ ይሻላል። ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ በእንግዴ ልጅ አልፎ ከእናት ወደ ፅንስ አይገባም፤ አይጂጂ ግን ይገባል። ኤች አይ ቪ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን እስከ 18 ወሩ አንቲቦዲው ፖዘቲቭ ቢሆን የእናቱ ሊሆን ስለሚችል በአንቲቦዲ አይፈረድበትም፤ ቫይረሱ ራሱ ይፈለጋል።

ወደ መስኮቱ እንመለስ፤ ብዙ ሰው ስለ መስኮት ጊዜ የሰማው በኤች አይ ቪ ምክንያት ነውና። አንቲቦዲ ብቻ የሚያዩ ፈጣን ምርመራዎች ከተያዙ ጀምሮ እስከ 90 ቀን ሊያመልጣቸው ይችላል። አንቲጅኑንም አብሮ የሚያየው የላብራቶሪ ምርመራ ይህን እስከ 45 ቀን ያወርደዋል። የቫይረሱን ዘር የሚፈልገው ደግሞ ከአሥር ቀን በኋላ ጀምሮ ሊያገኘው ይችላል። ማንኛውም ግን ዜሮ ቀን ላይ አይደርስም። "ትናንት ተጋለጥሁ፣ ዛሬ ተመርምሬ ነጻ ነኝ" የሚለው ሰው ስለ ትናንት አልተመረመረም። ይህ በደም ባንክ ሲታሰብ ይከብዳል። ለጋሹ በመጀመሪያው መስኮት ውስጥ ካለ አንቲጅኑ አይታይም፤ በሁለተኛው ውስጥ ካለም አይታይም፤ ደሙ ግን ሊያስይዝ ይችላል። አሜሪካን የመሰሉ አገሮች ለዚህ ሲሉ የአስኳሉን አንቲቦዲም ይመረምራሉ፣ ፖዘቲቭ የሆነውን ደም ይጥላሉ። በሽታው በተስፋፋበት አገር ግን ብዙ አዋቂ ሰው አንድ ጊዜ ቫይረሱ ነክቶት ስለሚያውቅ በዚህ መንገድ ቢሄዱ ለታካሚ የሚተርፍ ደም ያንሳል። ከማሽንና ከገንዘብ በፊት ለጋሹን ፊት ለፊት የሚጠይቁት ጥያቄዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው፤ ባለፉት ወራት መርፌ፣ ንቅሳት፣ አዲስ የወሲብ ጓደኛ ነበረ ወይ? የመስኮቱን ጊዜ ማወቅ የሚችለው እሱ ራሱ ብቻ ነውና።

ክትባት የወሰደ ሰው ወረቀት ለማንበብ ከሁሉ ይቀላል። ክትባቱ የሚሠራው ከሽፋኑ አንቲጅን ብቻ ነው፤ አስኳል የለበትም። ስለዚህ የተከተበ ሰው የሽፋኑ አንቲቦዲ ብቻ ፖዘቲቭ ሆኖ የአስኳሉ ኔጌቲቭ ይሆናል። ሁለቱም ፖዘቲቭ ከሆኑ ሰውየው የዳነ ነው፤ ከተከተበም መጀመሪያ ቫይረሱ ነክቶታል። አንድ ወጥመድ ብቻ አለ፤ ክትባቱ ራሱ አንቲጅን ስለሆነ ከተወጉ በኋላ እስከ 18 ቀን ድረስ አንቲጅኑ ደም ውስጥ ሊታይ ይችላል። ለጉዞ ምርመራ የሚሄድ ሰው ባለፈው ሳምንት ክትባት ወስዶ ከሆነ ቀጠሮውን አንድ ወር ቢገፋው ሳያስፈልገው ፖዘቲቭ ከመባል ይድናል።

ያ የጽዳት ሠራተኛም ሐምሌ ላይ ዳነ ብንልም ወረቀቱን ሊጥለው አይገባም። ቫይረሱ ከደሙ ቢጠፋም ዘሩ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ የሚጠብቀው የሰውነቱ መከላከያ ነው። ዓመታት ቆይቶ የደም ካንሰር ይዞት ሪቱክሲማብ የሚባለውን፣ አንቲቦዲ አምራች ሕዋሳትን የሚያጠፋውን መድኃኒት ሊጀምር ቢሆን፣ ያ ጠባቂ ይነሣና ቫይረሱ ተቀስቅሶ ጉበቱን ሊያጠፋው ይችላል። እንዲህ ያለ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ አንቲጅኑን ብቻ ካዘዘ ኔጌቲቭ ያገኛል። የአስኳሉን ጠቅላላ አንቲቦዲ አብሮ ካዘዘ ግን ፖዘቲቭ ያየዋል፤ የቫይረስ መከላከያ መድኃኒቱንም ከካንሰሩ መድኃኒት አስቀድሞ ያስጀምረዋል።